«የውስጡን ስቲከር ፎቶ ይላኩልኝ»

በቴሌግራም ዕቃ የሚያስተዋውቁ የአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ከደንበኛ የሚደርሳቸው መልእክት ብዙ ጊዜ ከሁለት ቃል አያልፍም፦ «አለ? ስንት?» መልሱም ከጥያቄው አይረዝምም፤ «አለ፣ ይደውሉ» ወይም «ሱቅ ብቅ ይበሉ» ነው። የጠየቀው ሰው መልስ ያገኘ፣ የመለሰውም ያስረዳ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ያለው የትኛው ፍሪጅ እንደሆነ፣ የሚጠራው ዋጋም የየትኛው እንደሆነ ገና አልተነገረም። በፎቶ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ፍሪጆች ለሁለት የተለያዩ አገሮች የተሠሩ፣ ውስጣቸው የማይመሳሰል፣ ዋስትናቸውም የማይገናኝ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለባለሱቅ በሚጻፍ መልእክት ውስጥ መነሣት ያለባቸው ነገሮች አራት ናቸው፤ ዕቃው መኖሩ፣ ትክክለኛው ሞዴል፣ ዋስትናው እና ዋጋው። አብዛኛው ሰው በዋጋው ይጀምራል። እኔ ግን ሞዴሉ መቅደም አለበት ባይ ነኝ። ሌሎቹ ሦስት መልሶች ፍሬ የሚኖራቸው ስለ አንድ ተለይቶ ስለታወቀ ዕቃ ሲነገሩ ብቻ ነው። ዕቃው የሚለየው ደግሞ በስሙ ወይም በቀለሙ ሳይሆን በሩ ሲከፈት ውስጠኛው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ትንሽ ስቲከር ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሮጌው ፍሪጃቸው አላስጠግን ብሏቸው አዲስ ሊገዙ ነው እንበል። ሚስትየዋ በአንድ የመርካቶ ሱቅ ቻናል ላይ ባለ ሁለት በር፣ ፍሪዘሩ ከላይ የሆነ ግራጫ ፍሪጅ አየች። ከፎቶው ሥር «400 ሊትር፣ ኢንቨርተር፣ ኖ ፍሮስት፣ የ10 ዓመት ዋስትና፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ተጽፏል። ለባለሱቁ የምትልከው መልእክት እንዲህ ቢሆን ይሠራላታል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሰኞ ዕለት ቻናላችሁ ላይ የወጣውን ግራጫ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ልገዛ አስቤ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እንዲለይልዎ ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ዕቃው አሁን በእጃችሁ ያለ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የሚመጣ? እሽጉ ያልተፈታ ነው ወይስ ሱቅ ውስጥ ለማሳያ የቆመው? እባክዎ በሩን ከፍተው ውስጡ የተለጠፈውን ስቲከር፣ የታሸገ ከሆነም ካርቶኑ ላይ ያለውን፣ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩና ቮልቴጁ እንዲነበብ ይሁን። ዋስትናው የሱቃችሁ ነው ወይስ የአስመጪው? ለስንት ጊዜ ነው? ኮምፕረሰሩን ብቻ ነው ወይስ ሌላውንም ይሸፍናል? ዋጋው ከነቫቱ፣ በደረሰኝ፣ ስንት ነው? ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማድረስንስ ይጨምራል? ከተስማማን ቅዳሜ መጥቼ አይቼ እወስዳለሁ። አመሰግናለሁ።»

መልእክቱ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ባለሱቁ ጊዜውን እንዳያባክን የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች አሉት። የተጠየቀው ዕቃ ከፎቶው ጋር ቀርቧል፤ ገዢዋ የምትመጣበት ቀንም ተነግሯል። ዋጋ ብቻ አጣርቶ ከሚጠፋው ብዙ ጠያቂ መሀል ቀን የቆረጠ ሰው ቶሎ መልስ ያገኛል። አንድ ላይ መላኩ የሚከብድ ከመሰላት ደግሞ መጀመሪያ ስለ ዕቃው መኖርና ስለ ስቲከሩ ብቻ ጽፋ፣ ፎቶው ሲደርሳት ስለ ዋስትናውና ስለ ዋጋው ብትጠይቅ ይሻላል። ስቲከሩ ያልተላከለት ዋጋ ግን ከሌላ ሱቅ ዋጋ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ስቲከሩ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው የሞዴሉ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የፊደልና የአኃዝ ድብልቅ ሲሆን እያንዳንዱ አምራች የራሱ አጻጻፍ አለው። ለምሳሌ የሳምሰንግ ፍሪጅ በRT ከጀመረ ፍሪዘሩ ከላይ ነው፤ RB ፍሪዘሩ ከታች የሆነ፣ RS ደግሞ ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን የቆሙበት ነው። ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች ስለ መጠኑ ፍንጭ ይሰጣሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደሎች ቀለሙን፣ ከሰያፍ ሰረዙ በኋላ ያሉት ደግሞ ዕቃው የተዘጋጀለትን ገበያ ያመለክታሉ። ብዙ ሻጮች የሚጽፉት የፊተኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ ለገዢ ግን ኋላ ያለው ጅራት ይበልጥ ይጠቅመዋል። አንዱ ፍሪጅ ለአንዱ አገር መሠራቱ ከሌላው የሚለየው እዚያ ላይ ነውና።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ የሚገባን ከሞዴሉ በታች ያለውን መስመር ስናነብ ነው። እኛ ቤት የሚገባው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ስቲከሩ ላይ «220-240V» እና «50Hz» የሚል መገኘት አለበት፤ «50/60Hz» ቢልም ችግር የለውም። «60Hz» ብቻ ካለ ግን ፍሪጁ ለሌላ አገር የተሠራ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ መብራት 60 ኸርዝ ሲሆን የዱባይ፣ የኩዌትና የኳታር እንደ እኛው 50 ነው። ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ ይዘዋቸው የሚገቡት፣ አንዳንድ ነጋዴም ሰብስቦ የሚያመጣቸው ዕቃዎች ስላሉ «ከዓረብ አገር የመጣ ኦሪጅናል» የሚለው ሙገሳ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የትኛው ዓረብ አገር እንደሆነ ስቲከሩ ይናገራል።

ቮልቱ ከገጠመ የኸርዝ ልዩነት ምን ያደርጋል? በተለመደው ኮምፕረሰር ውስጥ ያለው ሞተር የሚዞርበትን ፍጥነት የሚያገኘው ከኸርዙ ነው። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲነዳ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ በሰዓት የሚገፋው ጋዝ ስለሚያንስ ማቀዝቀዙ ይደክማል። ይህ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ኮይሉ ግን ከተሠራለት በላይ ከረንት ይስባል፣ ከልኩ በላይም ይግላል። ሙቀቱ የኮይሉን ሽፋን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ችግሩን አደገኛ የሚያደርገው ፍሪጁ በመጀመሪያው ቀን ያለ እንከን መሥራቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲሰካ ይበራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ድምፁም ጤነኛ ነው። ቤት ገብቶ ወራት ካለፉ በኋላ ኮምፕረሰሩ እምብዛም እንደማያርፍ፣ ከኋላ ሲነካ እጅ እንደሚያቃጥል፣ በረዶውም እንደ ድሮው እንደማይጠና ይስተዋላል። ያን ጊዜ ጠጋኙ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሊሞላው ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ጋዙ ላይ አልነበረም።

ኢንቨርተር ኮምፕረሰር ያላቸው ፍሪጆች በዚህ በኩል ይሻላሉ። የሚገባውን መብራት መጀመሪያ ወደ ዲሲ ቀይረው ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት ራሳቸው ስለሚወስኑ የኸርዙ ልዩነት ያን ያህል አይጎዳቸውም። ያም ሆኖ ስቲከሩ 60 ብቻ ካለ ቢበላሽ የአገር ውስጥ ወኪሉ «ይህ የእኛ ገበያ ዕቃ አይደለም» ለማለት ሙሉ ምክንያት አለው። ከአሜሪካ የመጣ ፍሪጅ ደግሞ ሁለቱም አይገጥምለትም፤ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን በኮንቴይነር ሲልክ «ትራንስፎርመር ይገጠምለታል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም።

ከቮልቱ አጠገብ N፣ ST ወይም T የሚሉ ፊደሎች ይገኛሉ። ፍሪጁ የሚቆምበት ክፍል ምን ያህል ሙቀት ድረስ በደንብ እንደሚሠራ የሚነግሩ ናቸው። N እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ST እስከ 38፣ T እስከ 43 ይችላሉ። ለጀሞዋ ገዢ ሦስቱም ይበቋታል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለሚገዛ ሰው ግን T የሌለው ፍሪጅ በሞቃቱ ወራት ሌት ተቀን እየሠራ ውኃ እንኳ በቅጡ ላያቀዘቅዝ ይችላል። የሦስቱም የታችኛው ወሰን 16 ዲግሪ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በአዲስ አበባ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ከዋናው ቤት ተነጥሎ በተሠራ ማድ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ከዚያ ይወርዳል። ሙቀት የሚለካበት መሣሪያ ታችኛው ክፍል ውስጥ ብቻ ያለ ፍሪጅ ክፍሉ ከቀዘቀዘለት ኮምፕረሰሩን አያስነሣም፤ በዚህ መሀል ላይ ያለው ፍሪዘር ይላላል። ጠዋት ሥጋው ለስልሶ ቢገኝ ፍሪጁ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። SN የሚል ያለበት እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ይሠራል፤ ለእንዲህ ያለ ማድ ቤት የሚመረጠው እሱ ነው።

«400 ሊትር» የተባለውም ስቲከሩ ላይ ይጣራል። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ። ትልቁ ጠቅላላው ባዶ ቦታ ሲሆን ትንሹ መደርደሪያውና መሳቢያው ገብቶ ዕቃ የሚቀመጥበት ነው። ሻጭ የሚያስተዋውቀው ትልቁን ነው። በሁለቱ መሀል አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ልዩነት ሊኖር ስለሚችል አንዱ ሱቅ «400» ያለውና ሌላው ሱቅ «350» ያለው አንድ ዕቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በዓል ሲመጣ ቅርጫ የሚገቡ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይፈልጉ፤ ከጎኑ kg/24h ተብሎ የተጻፈውን። ፍሪዘሩ በአንድ ቀንና ሌሊት ስንት ኪሎ ትኩስ ሥጋ አጥንቶ ማቀዝቀዝ እንደሚችል የሚነግረው እሱ ነው። 4 ከሆነ አራት ኪሎ ነው። አሥራ አምስት ኪሎ የቅርጫ ሥጋ በአንድ ጊዜ ቢታጨቅበት መሀሉ ሳይጠና ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ቀድሞ የነበረውም ዕቃ አብሮ ይሞቃል። ሥጋውን በትንንሽ እየከፈሉ፣ በየቀኑ የቁጥሩን ያህል እያስገቡ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ሌላው አማራጭ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ሞዴል መምረጥ ነው።

ወደ ዕቃው መኖር እንመለስ። በቴሌግራም ፍሪጅ የሚያስተዋውቅ ሁሉ ፍሪጅ የለውም። የሌላ ሱቅ ፎቶ ወስዶ የሚለጥፍ ደላላ ብዙ ነው፤ ገዢ ሲያገኝ ወደ መርካቶ ደውሎ ያፈላልጋል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ድሮም ገበያው የሚኖረው በደላላ ነው። ችግሩ የሚመጣው ደላላው ያን ሞዴል ሲያጣ «ያው ነው» ብሎ የሚመስለውን ሲያቀርብ ነው። «አሁን በእጃችሁ ያለ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የሚመጣ?» የሚለው ጥያቄ ማንንም ሳያስቀይም ይህን ይለያል። የስቲከሩ ፎቶም ሁለት ሥራ ይሠራል። ዕቃው አጠገቡ ያለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ አንስቶ ይልካል፤ የሌለው ግን «ሲመጡ ያዩታል» ይላል ወይም ከኢንተርኔት ያወረደውን የማስታወቂያ ሥዕል ይልካል። ከተጠራጠሩ የዕለቱ ቀን በወረቀት ተጽፎ ከካርቶኑ ሴሪያል ቁጥር ጎን እንዲነሣ መጠየቅ ነውር የለውም። ይህ ሳይሆን ቀብድ መላክን አልመክርም።

ሴሪያል ቁጥሩ የዕቃውን ዕድሜም ሊያሳይ ይችላል። በኤልጂ ዕቃዎች የመጀመሪያው አኃዝ የተመረተበት ዓመት መጨረሻ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ወሩ ናቸው፤ በ405 የሚጀምር በፈረንጆቹ 2024 በአምስተኛው ወር የተሠራ ነው። ዓመት መጋዘን የቆየ እሽግ ፍሪጅ አይጠላም። ነገር ግን «ትናንት የገባ» ተብሎ ከተነገረ ሁለቱ ቃል ይተያያሉ። ለማሳያ ቆሞ የነበረ ከሆነ የተቧጨረውን ቦታ፣ የበሩን ጎማ እና መሳቢያዎቹ መሟላታቸውን አይቶ ዋጋ ማስቀነስ የገዢው መብት ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ» ከሆነ ደግሞ ከአዲስ ጋር አንድ መስመር ላይ መቅረብ የለበትም።

ብዙ ቅሬታ የሚነሣው በዋስትናው ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ትልቅ «10 ዓመት» የሚል ጽሑፍ ስለ ኮምፕረሰሩ ብቻ የሚናገር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ገጣሚው የእጅ ዋጋ፣ ስለ ጋዙና ስለ ማጓጓዣው አይደለም። ለቀረው የፍሪጁ አካል የተለመደው ዋስትና አንድ ዓመት ገደማ ነው። ኖ ፍሮስት ፍሪጅ ላይ ደግሞ ከኮምፕረሰሩ ቀድሞ የሚበላሽ ብዙ ነገር አለ። ቅዝቃዜውን የሚያዘዋውረው ፋን፣ በረዶውን የሚያቀልጠው ሂተር፣ ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር፣ ሁሉን የሚያዝዘው ቦርድ አሉ። በተለይ ኢንቨርተር ያለው ቦርድ ውድ ነው። «የ10 ዓመት ዋስትና አለው» ተብሎ የተገዛ ፍሪጅ በሦስተኛው ዓመት ቦርዱ ቢቃጠል ዋስትናው ባለቤቱን አይደርስለትም።

ቦርድ የሚያቃጥለው በአብዛኛው የመብራቱ መዋዠቅ ነው፤ የዋስትና ወረቀቶች ደግሞ በመብራት መዋዠቅ የመጣን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍኑም። ስለዚህ ወደ መልእክቱ አንድ መስመር መጨመር ይገባል፦ «ስታብላይዘር ባልገጥም ዋስትናው ይፈርሳል?» መልሱ አዎ ከሆነ የስታብላይዘሩ ዋጋ የፍሪጁ ዋጋ አካል ነው ማለት ነው። ሲገዛም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ ቢሆን ይመረጣል። ተራ ኮምፕረሰር ሲቆም በቱቦዎቹ በአንድ ወገን ግፊቱ ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ግፊቱ እኩል እስኪሆን ደቂቃዎች ይወስዳል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ሞተሩ ያንን ግፊት ታግሎ መነሣት ስለሚያቅተው ይንገጫገጫል፣ ይግላል፣ መከላከያው ይቆርጠዋል። ይህ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም እያንዳንዱ ሰው ሰፈሩን ያውቃል።

ከዚያ ዋስትናው የማን እንደሆነ ነው። የአምራቹ ወኪል የሚሰጠው ዋስትና ሱቁ ቢዘጋ እንኳ ይቀጥላል፤ የሱቁ ዋስትና ሱቁ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በግል የገባ ዕቃ ወኪሉ ዘንድ ዋስትና እንደሌለው መገመት ይሻላል፤ ባለሱቁ በራሱ ኃላፊነት ስድስት ወር ከሰጠ ግን ያንን በጽሑፍ ያስፍር። ወረቀቱ ላይ የሞዴሉ ቁጥር፣ ሴሪያሉ፣ የተገዛበት ቀንና ማኅተም ከሌሉ በኋላ የየትኛው ፍሪጅ ዋስትና እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። ጠጋኝን በተመለከተ ደግሞ ስቲከሩ ላይ የጋዙ ዓይነት አለ። የዛሬዎቹ ብዙዎች R600a የሚባለውን፣ እሳት የሚይዝ፣ በጥቂት አሥር ግራም ብቻ የሚሞላ ጋዝ ይጠቀማሉ። በዚያ ፋንታ ለሌላ ኮምፕረሰር የተሠራውን R134a የሚሞላ ጠጋኝ ፍሪጁን ያበላሸዋል። ስለዚህ «ቢበላሽ የት ነው የሚሠራው?» ብሎ መጠየቅ አድራሻ ከማወቅ ያለፈ ጥቅም አለው።

ዋጋ አሁን ይጠየቃል። በሕጉ በኩል የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲያሳውቅና ለሸጠው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በውስጥ መስመር የሚነገር ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት መልክ አለው፤ ከደረሰኝ ጋርና ያለ ደረሰኝ። ቫት 15 በመቶ ነው። «100 ሺህ ብር» ተብሎ ከሱቁ ሲደረስ «ቫቱ ለብቻ ነው» ከተባለ ዋጋው 115 ሺህ ሆነ። ያለ ደረሰኝ በርካሽ መውሰድ ያጓጓል። ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው ገዢ መቼ እንደገዛ፣ ከማን እንደገዛ ማስረጃ የለውም። አንዳንድ አምራቾችም ደረሰኝ ሲጠፋ ዋስትናውን ዕቃው ከተመረተበት ወር ይቆጥሩታል። የ15 ሺህ ብር ቅናሽ የተገኘው ዋስትናውን በመሸጥ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሰኞ የተናገረውን ዋጋ ቅዳሜ ላይጠብቅ ይችላል። «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ይጸናል?» ብሎ መጠየቅ ሁለቱንም ከጭቅጭቅ ያድናል። ክርክር የሚደረግ ከሆነም ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ይዞ ሦስት ሱቅ መጠየቅ ከማንኛውም የመርካቶ ጨዋታ ይበልጣል፤ «ያኛው ሌላ ሞዴል ነው» የሚለው መልስ አይሠራምና።

የጀሞዋ ገዢ ያገኘችው መልስ እንዲህ ነው እንበል፦ «ሰላም እህቴ፣ አለ፣ እሽግ ነው። ዋስትና 10 ዓመት። 115 ሺህ፣ የመጨረሻ። ማድረሻ በእርስዎ።» ከካርቶኑ ስቲከር ፎቶ ጋር። ፎቶው ላይ 220-240V፣ 50Hz፣ T እና R600a ይነበባሉ። ሊትሩ 400 እና 352 ነው። ዕቃው መኖሩና ሞዴሉ ተመለሱ። የዋስትናው መልስ ግን የበሩ ላይ ጽሑፍ ነው፤ ዋጋውም ቫት ይጨምር አይጨምር አይታወቅም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አፍሮ ይተወዋል። ሁለተኛው መልእክት አጭር መሆን አለበት፦

«ለፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ፣ ፎቶው ደርሶኛል። እንዳልሳሳት ላረጋግጥ፦ ይሄው ካርቶኑ ላይ ያለው ሞዴል፣ 115 ሺህ ብር ከነቫቱ በደረሰኝ፣ እስከ ቅዳሜ። የ10 ዓመቱ ዋስትና ለኮምፕረሰሩ ነው፤ ለፋን፣ ለቦርድና ለጋዝ ስንት ጊዜ ነው? ወረቀቱን የሚሰጠው ማነው?»

ባለሱቁ «አዎ ከነቫቱ ነው፤ ለሌላው 1 ዓመት፣ ወረቀቱ የአስመጪው ነው» ብሎ ከጻፈ ስምምነቱ በሁለቱም ስልክ ላይ ተቀምጧል። በስልክ ሊነገር የሚችለውን ነገር በጽሑፍ መጠየቅ የሚሻለው ለዚህ ነው። ባለሱቁ ደውሎ ካስረዳም፣ ስልኩ ሲዘጋ የተባለውን በሁለት መስመር ጽፎ «እንዲህ ነው የተባባልነው» ብሎ መላክ ይቻላል።

የማድረሻው ነገር አነስ ያለ ቢመስልም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚሸከሙት ልጆች ዋጋቸውን የሚናገሩት ደረጃው ሥር ሲደርሱ ነው። የመኪናው ኪራይና የተሸካሚዎቹ ዋጋ ለየብቻ ተጠይቆ ይቆረጥ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስፋትም ከደረጃው መታጠፊያና ከበሩ ጋር ቀድሞ ይለካ።

ዕቃው ሲደርስ የመጨረሻው ክፍያ ከመውጣቱ በፊት ካርቶኑ ላይ ያለው ሴሪያል በፎቶ ከተላከው ጋር፣ ውስጥ ያለው ስቲከር ደግሞ ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑ ይታያል። ጎኑና ጀርባው የተጎዳ ከሆነ ተሸካሚዎቹ ሳይሄዱ ፎቶ ተነሥቶ ለባለሱቁ እዚያው የመልእክት መስመር ላይ ይላካል። ፍሪጁ በመኪና ላይ ተጋድሞ ከመጣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳልና ቆሞ ጥቂት ሰዓታት፣ ከተቻለ እስከ ማግስቱ፣ ሳይሰካ ይቆይ። ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሶኬት ካለው የተዘጋጀው ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ሊሆን ስለሚችል ስቲከሩ እንደገና ይነበብ፤ በርካሽ አዳፕተር ከማንጠልጠል ይልቅ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኧርዝ ያለው የእኛ ሶኬት ማስገጠም ይሻላል። ከዚያ ባዶውን ተሰክቶ አንድ ቀንና ሌሊት ይሥራ፤ ፍሪዘሩ ውስጥ የተቀመጠ ኩባያ ውኃ እስከ መሀሉ ጠጥሮ ካልተገኘ ወይም ኮምፕረሰሩ ጨርሶ ካላረፈ፣ ወጡም ሥጋውም ሳይገባበት ያው መስመር ላይ ለባለሱቁ ይጻፋል።